ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ

የሚያናድድ ነገር የበዛበት ሰው የትኛው እንዳናደደው ይጠፋዋል። የሴቶች ዋርድ ኃላፊ የሆነችው ነርስ ያን ሰኞ ጠዋት ከቤቷ የወጣችው ተናዳ ነው፤ በምን ተናደድሽ ብትባል ግን መልስ የላትም። አውቶቡሱ ዘገየብኝ እንዳትል ሁለት አውቶቡስ ያሳለፈችው ራሷ ናት። ፌርማታው ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣ በሩ ሲከፈት አየች፣ ሰው ሲሳፈር አየች፣ እግሯ ግን አልነሳ አላት። ሦስተኛው ላይ የተሳፈረችው ትኬት ቆራጩ አንገቱን አውጥቶ፣ እመቤቴ ትሄጃለሽ ወይስ አውቶቡስ እየቆጠርሽልን ነው ብሎ ሲቀልድባት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን እስክትወርድ ድረስ ሰውየውን በሆዷ ስትሰድበው ሄደች።

ዋርዱ ውስጥ እትዬ ደቂቃ ይሏታል። ፊት ለፊቷ አይደለም፤ ግን ታውቃለች፣ በልቧም ትወደዋለች። ስሙ የወጣላት አለምክንያት አይደለም። አዲስ ነርስ በመጣ ቁጥር አልጋ ዳር አቁማ የምታስተምረው የመጀመሪያ ትምህርት አንድ ነው፤ ትንፋሽ አይገመትም፣ ይቆጠራል፣ ሙሉ ደቂቃ። ትኩሳቱን ቴርሞሜትሩ ይነግርሻል፣ ደም ግፊቱን መሣሪያው ይነግርሻል፣ ትንፋሽን ግን ቆመሽ የሰውን ደረት ካላየሽ ማንም አይነግርሽም ትላለች። ሰነፍ ነርስ ለዚህ መድኃኒት አላት። ሃያ ብላ ትጽፋለች። ጤነኛ ሰው በደቂቃ የሚተነፍሰው እዚያው አካባቢ ስለሆነ፣ ሃያ ያለን ሰው ማንም አይጠይቀውም። እትዬ ደቂቃ ደግሞ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ተብሎ የተደረደረ ወረቀት ስታይ ደሟ ይፈላል። ሕመምተኛ ድንገት አይወድቅም፣ ከመውደቁ በፊት ትንፋሹ ይናገራል፤ የሚሰማው ካገኘ ነው እንጂ። እንዲህ እያለች አሥራ ሰባት ዓመት አስተማረች።

ከአራት ወር በፊት ሁለት ነርሶች ለቀቁ። አንዷ አግብታ ሄደች፣ ሌላዋ የግል ክሊኒክ ገባች። ይተካሉ ተባለ፤ የሚተካ ጠፋ። በቀን አራት ነርስ ይይዘው የነበረው ሠላሳ አልጋ ለሁለት ተረፈ። የጎደለውን ፈረቃ ማን ይሙላው ሲባል ሁሉም ጫማውን ያያል፣ እሷ ትሞላለች። ቅዳሜ ሞላች፣ እሁድ ሞላች፣ የሚቀጥለውንም ሞላች። መጨረሻ ያረፈችው መቼ እንደሆነ ብትጠየቅ መቁጠር አለባት፤ ለመቁጠር ደግሞ ጊዜ የላትም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ እሷንም እንዲሁ ነው የወሰዳት። መጀመሪያ እንቅልፍ ነው የሄደው። ሰዓቱ ሳይጮህ ትነቃለች፣ ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስላታል፣ ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ ትቀመጣለች። ዕድሜ ነው አለች። ቀጥሎ ራስ ምታት መጣ፤ ከኪሷ ክኒን አይጠፋም፣ ዓይኔ መነጽር ቀይሪ ሊለኝ ነው አለች። ከነርሶቹ ጋር ምሳ መብላት ተወች። ወሬያቸው ሰለቸኝ አለች። የሕመምተኞቹ ስም ከአፏ ጠፋ፤ ሦስት ቁጥር ውሃ አምጪልኝ አለች፣ ዘጠኝ ቁጥር ደግሞ ታለቅሳለች ማለት ጀመረች። ባለፈው ሳምንት አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ሁለት ወር የታገለችላት ሴት ስትሞት፣ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ጎሽ፣ አልጋ ተለቀቀ የሚል ነበር። ቆም አለች። ከዚያ አንሶላውን ገፈፈችና ሥራዋን ቀጠለች።

እሁድ አመሻሽ ላይ ልጇ እራት ስትበላ ማንኪያ ጣለች። አንድ ማንኪያ ናት፤ ሰማይ አልተደረመሰም። እትዬ ደቂቃ ግን ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸችባት። ልጅቱ ማንኪያውን አነሳች፣ አጠበች፣ ቦታው መለሰችና ሳትናገር ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። እናቷን ፈርታ የማታውቅ ልጅ ናት። ባሏ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሳህኑን ገፋ አደረገና አንድ ነገር ተናገረ።

«እኛ ጋ ሰው መድከሙ ከታወቀ ቁልፍ ይቀማል። እናንተ ጋ ቁልፍ የሚቀማው ማነው?»

አንተ የምትነዳው ብረት ነው፣ እኔ የምይዘው ሰው ነው፣ ብላ አፉን አስያዘችው። አሁን ሳስበው፣ እንዲህ ስትል የራሷን ቃል ብታዳምጠው ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ዋርድ ገባች። ነጭ ካፖርቷን ለበሰች፣ የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ በክሩ አንገቷ ላይ አጠለቀች። ያ ቁልፍ ሰባት ዓመት ሙሉ በሥራ ሰዓት ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ትንሿ ደህና አደሩ አለቻት። ትንሿ የሚሏት ከመጣች ዓመት ያልሞላት ነርስ ናት፤ ቁመቷ ከመድኃኒት ጋሪው ብዙም አይበልጥም፣ ልቧ ግን ጋሪውን ያክላል። እትዬ ደቂቃ ምን ደህና አለ ብላ አለፈቻት።

ወጣቱ ሐኪም ቅዳሜና እሁድ አልነበረም። ጠዋት ሲዞር አልጋ ሰባት ጋ ደርሶ ቆመ። አልጋ ሰባት ላይ ያሉት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ በስኳር ምክንያት እግራቸው ላይ በወጣ ቁስል ነው የገቡት። ሐኪሙ እግራቸውን ሊያይ አንሶላውን ገለጠ፣ ግን ዓይኑ እግሩ ላይ አላረፈም። የአፍንጫቸው ቀዳዳ ይከፈታል ይዘጋል። ትከሻቸው ከትንፋሻቸው ጋር አብሮ ይነሳል። እንዴት አደሩ ሲላቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ለማለት መሀል ላይ አየር መሳብ ነበረባቸው። ሐኪሙ ሰዓቱን አውጥቶ ቆጠረ፣ ሙሉ ደቂቃ። ሠላሳ ስድስት። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የጣት መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከወንዶች ዋርድ ጋር የጋራ ነው፤ ትንሿ ሮጣ አመጣችው። ሰማንያ አራት አለ። ከዘጠና በላይ መሆን ነበረበት።

ከዚያ ሐኪሙ መከታተያ ወረቀቱን አነሳ። ከዓርብ ጀምሮ ያለውን የትንፋሽ መስመር በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበው። ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ፣ ዘጠኝ ጊዜ ሃያ። ሳንባቸው ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘጋ ወረቀቱ ሃያ ይላል፤ ማነው ይህን የጻፈው አለ።

እትዬ ደቂቃ ቆሽቷ አረረ። አሥራ ሰባት ዓመት ያስተማረችው ውሃ በላው ማለት ነው። አራት ወር ሙሉ የዋጠችው ንዴት ሁሉ መውጫ ቀዳዳ አገኘ። የሌሊቱንም የቀኑንም ነርሶች አንድ በአንድ እያየች፣ ሕመምተኞቹም እየሰሙ፣ እንዲህ አለች።

«ይህን የጻፈች እጅ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ዋርድ ውስጥ መድኃኒት አትነካም። ማንም ትሁን። በቁሜ እያለሁ አትነካም።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።  ነርሶቹ መሬት መሬት ያያሉ፤ ትንሿ ብቻ ቀና ብላ አየቻትና ዓይኗ እንባ ሞላ። እትዬ ደቂቃ፣ በቃ ይህች ናት አለች በልቧ። ጎበዝ ትመስለኝ ነበር አለች። ሐኪሙ ኦክስጅን አስጀመረ፣ ራጅ አዘዘ፣ የሳንባ ምች ነው የሚመስለው ብሎ መርፌ ጻፈና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ። ሐኪም ቁጥር ያነባል እንጂ ፊርማ አያነብም። ፊርማ የምታነበው እሷ ናት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፣ መነጽሯን አደረገች።

ከዘጠኙ ሃያዎች ሰባቱ አጠገብ ያለው ፊርማ የራሷ ነው።

ፊርማዋ ጭራ አለው፤ ወደ ላይ ዞሮ የሚቀር ጭራ። ሌላ ሰው አይጽፈውም። ዓርብ ጠዋት፣ ቅዳሜ ሦስት ጊዜ፣ እሁድ ሦስት ጊዜ። ቅዳሜን ሙሉ በራሷ ውስጥ ብትፈልግ አልጋ ሰባት አጠገብ መቆሟን አታስታውስም። የመምህርቷ ፊት ይመጣልኛል ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ የመጣላት ቁጥር ሰባት ብቻ ነው። ነርሶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ስትምል፣ ስትፎክር፣ ማን ላይ እንደምትፎክር ያውቁ ነበር። መሬት መሬት ያዩት ፈርተው አልነበረም፤ አፍረውላት ነው።

አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። መጀመሪያ የመጣው ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። በሐኪሙ ተናደደች፣ ሰው ፊት ስላነበበው። በለቀቁት በሁለቱ ነርሶች ተናደደች። በመምህርቷ ሳይቀር ተናደደች፣ አየር አጠረኝ ብለው ለምን አልጮሁም ብላ። ከዚያ ንዴቱ የሚሄድበት ሲያጣ ዞሮ ራሷ ላይ አረፈ። ሰው ልትገድል ነበር። ስለ ሰነፍ ነርስ የምትናገረውን ሁሉ ራሷ ሆናለች፤ መቼ እንደሆነች ደግሞ አታውቅም።

ትንሿ ሳታንኳኳ ገባች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ቆመች። አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው አለቻት እትዬ ደቂቃ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው አለቻት። ትንሿ ከወር በላይ ሆነኝ አለች። ከዚያ ግድቡ ተከፈተ። ልጅቷ እያለቀሰችም እየተቆጣችም ያየችውን ሁሉ ነገረቻት። ከእኛ ጋር ምሳ መብላት የተዉ ቀን አውቄያለሁ አለች። በስም ሲጠሯቸው የነበሩትን ሰዎች በቁጥር ሲጠሩ ሰማሁ አለች። አሥራ አንድ ቁጥር የሞተች ዕለት ልጇ ሲያለቅስ፣ ሌላ ጊዜ ውሃ የሚሰጡት እርስዎ ነበሩ፣ ያን ቀን አንሶላ ይዘው ለቅሶውን ረግጠው አለፉ አለች። እዚህ ክፍል ገብተው በሩን ዘግተው ሲቀመጡ ስንት ጊዜ ሰዓት ያዝኩልዎ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። አንድ ቀን ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ያለውን አልጋ እኔ ልያዝልዎ ብልዎት፣ እኔን አሮጊት ማድረግሽ ነው ብለው አባረሩኝ።

«ታዲያ ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም?» አለቻት።

«ማን ይጠጋዎት ነበር? እትዬ፣ እርስዎ እኮ ያስፈራሉ።» ትንሿ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሌላም አለ። ከዘጠኙ ሁለቱ የኔ ናቸው። የእርስዎን አይቼ ነው የገለበጥኩት። ለኔም ጀምሮኛል። ጠዋት ጠዋት ሳልነሳ ሆዴን ያመኛል።»

ይህን ስትሰማ አንሶላው ክምር ላይ ተቀመጠች። የራሷን ጥፋት ለብቻዋ ትሸከመው ነበር፤ ሰው ለራሱ ጥፋት ትከሻ አያጣም። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ግን ከእሷ ሃያ መጻፍን ተማረች ማለት ሌላ ነገር ነው። ትንሿን አጠገቧ አስቀመጠቻት።  ጥቂት ቆይታ ተነሳችና ወረቀቱን ይዛ ወደ ሜትሮኗ ቢሮ ሄደች።

ሜትሮኗ የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ አለቃ ናት። ከእትዬ ደቂቃ ጋር አብረው ተምረዋል፣ አብረው ተመርቀዋል፣ እትዬ ደቂቃ ያገባች ቀን ሚዜዋ ነበረች። በሩን ዘግታ ታሪኩን ሁሉ ሰማች። ወረቀቱን አየች፣ ፊርማውን አየች፣ ተነፈሰች። ከዚያ ቁምሳጥን ከፈተችና ባዶ መከታተያ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ነገሩ ቀላል ነው አለች። ዓርብ ሃያ፣ ቅዳሜ ሃያ ሁለት፣ ሃያ አራት፣ እሁድ ሃያ ስድስት እያደረግሽ ሙዪው፤ ቀስ ብሎ የጨመረ ይመስላል፣ ማንም ማንንም አይወቅስም። አሮጊቷ ተርፈዋል፣ ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል። አንቺ ከሁሉ የተሻልሽ ነርሴ ነሽ፣ ስምሽ በዚህ እንዲበላሽ አልፈልግም። ዛሬ ከሰዓት እረፊ፣ ቪታሚን ውሰጂ፣ ነገ በጠዋት ግቢ፤ ሌላ ሰው የለኝም።

እትዬ ደቂቃ ባዶውን ወረቀት አየችው። እውነቱን ለመናገር እጇ ወደ እስክሪብቶው ሄዷል። አሥራ ሰባት ዓመት የገነባችው ስም እዚያ ወረቀት ላይ ነው፤ ሰባት ቁጥሮች ጽፋ ስሟን ይዛ መውጣት ትችላለች። ያስቆማት ጽድቅ እንዳይመስላችሁ። ያስቆማት «ነገ በጠዋት ግቢ» የሚለው ነው። ነገ በጠዋት ፌርማታው፣ ነገ በጠዋት ድንጋዩ፣ ነገ በጠዋት ሃያ። ያን ጊዜ ንዴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ።

«ሁላችንም ደክሞናል ልትዪኝ ነው አይደል?» አለቻት። «ድካም እንቅልፍ ከተኙለት ይለቃል። የኔ አይለቅም። ሰው ሲሞት አልጋ ተለቀቀ ብዬ ደስ ብሎኛል፣ ትሰሚያለሽ? እኔ! ይህ በቪታሚን አይድንም። እኔ ውስጥ ያለው ነገር ትንሿን ይዟታል፣ ነገ ሌላዋን ይይዛል። አንቺ ደግሞ የውሸት ወረቀት ትዘረጊልኛለሽ።»

ሜትሮኗ ተቆጣች። እኔስ ምን ላድርግ፣ ሰው ከየት ልውለድ አለች። ስንት ደብዳቤ እንደጻፍኩ ታውቂያለሽ አለች። እውነቷን ነው፣ ጽፋለች። ግን ደብዳቤው ሁሉ የነርስ እጥረት አለብን የሚል ነው፤ እጥረት ደግሞ ቃል ነው፣ ቃል አያስደነግጥም። እትዬ ደቂቃ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፈረቃ ሰሌዳ ነቀለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የራሷን መስመር በጣቷ ተከትላ ቆጠረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጠረች። ያለ አንድ የዕረፍት ቀን ሠላሳ ሰባት ቀን። ሪፖርት ጻፊ አለቻት፤ ሰባቱ ሃያዎች የኔ ናቸው ብለሽ ጻፊ፣ ይህን ሰሌዳ ከጎኑ አያይዢው፣ አንዱ ካለ አንዱ እንዳይሄድ። የበላዮቻችን የታመመችው አንዲት ነርስ ናት ካሉ እኔን ይቅጡ፤ ዋርዱ ነው የታመመው ካሉ አልጋ ይቀንሱ ወይ ሰው ያምጡ። እስከዚያ ግን ለሁለት ነርስ ሠላሳ ሕመምተኛ አትስጪ፤ አዲስ መቀበል የምታቆሚው አንቺ ነሽ፣ ያ ሥልጣን አለሽ።

ከዚያ ክሩን በራሷ ላይ አውጥታ የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ ባዶው ወረቀት ላይ አስቀመጠችው።

ሜትሮኗ አልነካችውም። ማን ይይዘዋል አለች። ዛሬ ሰው ፊት ምያለሁ አለች እትዬ ደቂቃ፣ ያን የጻፈች እጅ መድኃኒት አትነካም ብዬ። ዓመት ፈቃዴን አንድ ቀን ሳትቆርጪ ስጪኝ፤ ሐኪም ጋም እሄዳለሁ፣ ይህ ነገር ምን ያህል እንደገባብኝ ይንገረኝ። ስመለስ ከቻልኩ መልሽልኝ። ካልቻልኩም ንገሪኝ። ሜትሮኗ ባዶውን ወረቀት ከቁልፉ ሥር ስባ አወጣችና ቀደደችው፤ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው ብላ እትዬ ደቂቃ በኋላ ለባሏ ነግራዋለች። የዚያኑ ዕለት ዋርዱ አዲስ ሕመምተኛ መቀበል አቆመ። የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ በስልክ ምን እንዳሏት ሜትሮኗ ለማንም አልተናገረችም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ደቂቃ ካፖርቷን አውልቃ፣ የመንገድ ልብሷን ለብሳ፣ እንደ ጠያቂ አልጋ ሰባት ጋ ሄደች። ኦክስጅኑ ሠርቷል፣ የጣት መሣሪያው ዘጠና ሦስት ይላል፤ መርፌው ገና ነው፣ ቀን ይፈልጋል። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማን እንደሆነች፣ ምን እንዳደረገች ሳታለባብስ ነገረቻቸው። ይቅር በሉኝ አለች። ስምዎንም አላውቀውም አለች፤ ወረቀቱ ላይ ነበር፣ አላነበብኩትም። መምህርቷ የኦክስጅኑን ጭምብል ከአፋቸው ገለጥ አድርገው ስማቸውን ነገሯት። ቀስ ብለው፣ እየተነፈሱ፣ ግን እንደ አስተማሪ።

«ተቆጥቼብሻለሁ» አሉ። «ሦስት ቀን መጣሽ፣ ወረቀቴን አየሽ፣ እኔን አላየሽም። ትናንት አየር አጠረኝ ስልሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

አላስታውስም አለች።

«ለማን ያላጠረው አለ አልሽኝ።»

እትዬ ደቂቃ አንገቷን ደፋች። መምህርቷ ጭምብሉን መልሰው ጥቂት ተነፈሱ። እንድትሄድ የፈለጉ መስሏት ልትነሳ ስትል እጇን ያዙ። ከዚያ በየመሀሉ እያረፉ የራሳቸውን ነገሯት። ማስተማር ከጀመሩ ሃያ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ሦስት ልጅ። መጀመሪያ ደወሉ ነው ያስጠላቸው፤ የጠዋት ደወል ሲደወል ከክፍሉ በር ላይ ቆመው ይቀራሉ። ቀጥሎ የልጆቹን ደብተር ሳያነቡ ምልክት ማድረግ ጀመሩ፣ ትክክል፣ ትክክል፣ ትክክል። ቀጥሎ ልጆቹን በስማቸው መጥራት ተዉ፤ እናንተ ይሏቸዋል። ለማንም አልተናገሩም፤ ጎበዝ አስተማሪ ደከመኝ አይልም። አንድ ቀን አንድ ልጅ ጥያቄ ደገመ። ያልገባው ልጅ ነው፣ ሌላ ጥፋት የለውም። በጥፊ መቱት።

«አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ ሱቅ አለው» አሉ። «ልገዛ ስሄድ የሚሰማውን ጆሮውን ያዞርልኛል።»

ዋርዱ ውስጥ የሆነ ሰው ሳለ። መምህርቷ እጇን ሳይለቁ ቀጠሉ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላሉ። ልጄ፣ ከማረሩ በፊት እኮ ይሸታል። እኔ ሸቶኝ ነበር፣ አፍንጫዬን ያዝኩ። አንቺ ድስቱን ማውረድሽ ጥሩ ነው። ይቅርታውን ግን ስድን እናየዋለን።»

እሺ አለች። ማልቀስ ፈልጋ አልመጣላትም፤ ያም ያናድዳት ጀመር፣ ከዚያ ተወችው። ትንሿ የአሥር ሰዓቱን ልኬታ ልትወስድ ጋሪዋን እየገፋች ደረሰች። እትዬ ደቂቃ እጇ ላይ ያለውን ሰዓት አየችና ከልማድ ወይም ከጸጸት ዓይኗን መምህርቷ ደረት ላይ ጥላ ቆጠረች፣ አንዱንም ሳትዘል፣ ሙሉ ደቂቃ። ሃያ ስምንት። ከጠዋቱ ወርዷል፤ ገና ነው፣ ግን ወርዷል። ለትንሿ ሃያ ስምንት ብለሽ ጻፊው አለቻት።

ትንሿ እስክሪብቶዋን አልከፈተችም። አልጋው ዳር መጣች፣ የራሷን ሰዓት ከኪሷ አወጣች፣ እትዬ ደቂቃን በትህትና ከመንገዷ ዞር አደረገቻትና የመምህርቷን ደረት እያየች ከአንድ ጀምራ መቁጠር ጀመረች።